ተመልካቹ የወጣባት ሰከንድ

ዩትዩብ ላይ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚያየው ስንት ሰው እንደከፈተለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ደስ ይለዋል፤ ዝቅ ካለ ርዕሱን ያሳምራል፣ ተምኔሉን ይለውጣል። ከፍቶ የገባው ሰው ግን ስንት ደቂቃ ቆየ? የትኛውን ንግግር ሰምቶ ወጣ? ይህን የሚመልሰው የእይታ ብዛት ሳይሆን ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ጀርባ የሚቀመጠው የተመልካች ቆይታ ግራፍ ነው። ዩትዩብ ቪዲዮዎችን ለሰው የሚጠቁምበትን አሠራር በ2012 ከእይታ ብዛት ይልቅ ወደ እይታ ጊዜ ካዞረ ወዲህ ይህ ግራፍ የቪዲዮ ሠሪዎች ዋና መነጋገሪያ ሆኗል። አብዛኛው ሰው ግን ከፍቶ አይቶት፣ "መስመሩ ወርዷል" ብሎ፣ አዝኖ ይዘጋዋል። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ መስመሩ የት ላይና በምን ዓይነት ቅርጽ እንደወረደ ለሚያነብ ሰው፣ ግራፉ ከስክሪፕቱ ውስጥ የትኛው ክፍል ሰው እንዳስወጣ ጣቱን ቀስሮ ያሳያል።

ግራፉን ለማግኘት በኮምፒውተር YouTube Studio ይከፈታል፤ Content ከሚለው ዝርዝር ቪዲዮው ይመረጥና Analytics ሲነካ፣ ገጹ ላይ Key moments for audience retention የሚል ሳጥን ይታያል። አግድም የተዘረጋው የቪዲዮው ሰዓት ነው፤ ወደ ላይ የቆመው መቶኛ ነው። ቪዲዮው በወጣበት ዕለት ሳጥኑ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ መረጃው እስኪጠናቀር አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል።

መቶኛው እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቀረው ንባብ ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነውና። ዩትዩብ አንዲት ቅጽበት ስንት ጊዜ እንደታየች ይቆጥርና ቪዲዮው በጠቅላላ ለታየበት ብዛት ያካፍለዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ወደ ኋላ መልሶ አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ ካየው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ዘሎ ካለፈው ደግሞ፣ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ቢያየውም እንኳ፣ በዚያ ቦታ ላይ እንዳልነበረ ይቆጠራል። መስመሩ አንዳንዴ ወደ ላይ የሚወጣውም ለዚህ ነው፤ ከመቶ በላይ ሊደርስም ይችላል። የሄደ ሰው በራሱ ተመልሶ መጥቶ አይደለም። የዘለሉት ሰዎች ከፊት ለፊት እንደገና ስለተቀላቀሉ ወይም ያሉት ሰዎች ወደ ኋላ መልሰው ስላዩ ነው።

ከዚህ ሂሳብ አራት ቅርጾች ይወለዳሉ። ለጥ ያለ ሜዳ ከሆነ ሰው ተቀምጦ እያየ ነው። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ወርዶ እዚያው የሚቀር ገደል ከሆነ ሰው ቪዲዮውን ትቶ ወጥቷል። ወርዶ ተመልሶ የሚወጣ ሸለቆ ከሆነ ግን የወጣ ሰው የለም፤ ያ ክፍል አስፈላጊ መስሎ ስላልታየው ዘሎታል። ድንገት ከፍ የሚል ጉብታ ከሆነ ደግሞ ሰው መልሶ አይቶታል፤ ወይ እጅግ ወዶት ነው ወይ አልገባውም። ገደልና ሸለቆን ያልለየ ሰው ለተሳሳተ በሽታ መድኃኒት ያዛል፤ ሰው ዘሎ ያለፈውን ክፍል ሰው ያባረረ ይመስለውና ጥሩውን ሥራውን ሁሉ ቆርጦ ይጥላል።

ይህን በተግባር ለማየት አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ቪዲዮውም ቁጥሮቹም ለማስረዳት ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ አካሄዱ ግን በብዙ የአማርኛ ቻናሎች ላይ የሚታየው ነው። አንዲት የምግብ ባለሙያ "እንጀራዬ ለምን ዓይን አላወጣም?" የሚል የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ሠርታለች እንበል። እንዲህ ያለ ርዕስ አገር ቤት ያለውንም፣ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ሆኖ በብርድ ሊጡ አልቦካ ያለውንም ይስባል። ቪዲዮው 4,000 ጊዜ ታይቷል፤ ስለዚህ በግራፉ ላይ አንድ ነጥብ 40 እይታ ማለት ነው። መስመሩ 30ኛው ሰከንድ ላይ 52 ነው። 1፡20 ላይ 38 ይደርሳል። ከዚያ እስከ 3፡30 ድረስ ለጥ ብሎ ሄዶ 35 ላይ ይገኛል። ወዲያው ወደ 24 ይወርድና 4፡30 ላይ ወደ 34 ይመለሳል። 5፡40 ላይ ወደ 41 ብድግ ይላል። 7፡40 ላይ 32 የነበረው 8፡00 ላይ 17 ሆኖ፣ መጨረሻው ላይ 9 ይቀራል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው መጀመሪያው ላይ ነው፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ 48 ነጥብ ጠፍቷልና። ከ7፡40 እስከ 8፡00 የጠፋው 15 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መጠየቅ ያለበት ስንት ነጥብ ጠፋ ተብሎ ሳይሆን፣ በዚያ ሰዓት ከነበሩት ውስጥ ስንቱ ሄደ ተብሎ ነው። መጀመሪያ ላይ ከመቶው 48 ሄደ፤ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መጨረሻው ላይም ከነበሩት 32 ነጥቦች 15ቱ ሄዱ፤ ይኸም ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ክብደታቸው እኩል ነው። እንዲያውም የኋለኛው ይብሳል ባይ ነኝ፤ የሄዱት ሰባት ደቂቃ ተኩል ሙሉ አብረዋት የቆዩ፣ ማለትም የወደዷት ሰዎች ናቸውና። በተቃራኒው ከ1፡20 እስከ 3፡30 ባለው ሁለት ደቂቃ የጠፋው ከ38ቱ ሦስቱ ብቻ ነው። ያ ክፍል ምንም የሚነካ ነገር የለውም፤ እርሾውን ስትጨምርና ሊጡን ስታቦካ የሚታይበት ነው።

አሁን ስክሪፕቱ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ። በስክሪፕት ሳይሆን በቃል የተነገረ ከሆነም መስመሩ በወረደበት አካባቢ ያለውን አንድ ደቂቃ ያህል መልሶ እየሰሙ ቃል በቃል መጻፍ በቂ ነው። ከዳር ላይ በየአሥር ሰከንዱ ሰዓቱ ይጻፋል። ቀጥሎ መስመሩ መውረድ የጀመረበት ሰዓት ይፈለግና ከእሱ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ወደ ኋላ ተኪዶ ይነበባል። ወደ ኋላ የሚኬድበት ምክንያት አለ። ሰው የሰማው ነገር ሰልችቶት፣ "ይቀየር ይሆናል" ብሎ ትንሽ ታግሶ፣ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሌላው ምክንያት የመለኪያው ጥራት ነው። ዩትዩብ ይህን መረጃ ለፕሮግራም ሠሪዎች ሲሰጥ ቪዲዮውን መቶ ቦታ ከፍሎ ነው፤ በ10 ደቂቃ ቪዲዮ ላይ አንዱ ክፋይ ስድስት ሰከንድ፣ በአንድ ሰዓት ቪዲዮ ላይ ግን 36 ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ በረጅም ቃለ መጠይቅ ላይ "ሰው የወጣው በዚህች ቃል ነው" ማለት አይቻልም፤ "በዚህ ጥያቄና መልስ ላይ ነው" ማለት ግን ይቻላል።

የእንጀራው ቪዲዮ መጀመሪያ እንዲህ ይላል፦ "ሰላም ሰላም፣ ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንደምን ናችሁ? ሰላማችሁ ብዝት ይበልልኝ። ዛሬም እንደተለመደው ደስ የሚል ቪዲዮ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ወደ ቪዲዮው ከመግባቴ በፊት ግን፣ ለቻናሉ አዲስ የሆናችሁ፣ ሰብስክራይብ በማድረግ፣ የደወል ምልክቷን በመጫን ቤተሰብ ሁኑ። ላይክና ሼር ማድረግም እንዳትረሱ..." ይህ እስከ 40ኛው ሰከንድ ይቀጥላል። ቀጥሎ እስከ 1፡20 ድረስ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለ እንጀራ ዓይን እንደጠየቃት ትናገራለች።

ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ "ሰላምታው ረዘመ፤ ሰላምታው ይውጣ" ይላል። በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ይህንኑ ስለሚል ብዙ የእኛ ሠሪዎችም ሰላምታቸውን ቆርጠው፣ እንደተቆጣ ሰው ዘለው ወደ ጉዳይ ገብተዋል። ነገር ግን ግራፉን ጠጋ ብለን እናንብበው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰከንዶች መስመሩ ከ100 ወደ 82 ወርዷል። ይህ በየትኛውም ቪዲዮ ላይ ያለ ነው፤ እጁ ስቶት የከፈተ፣ ሌላ ነገር የጠበቀ ሰው ወዲያው ይወጣል፤ የትኛውም ስክሪፕት ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሰከንድ፣ ሰላምታዋን በምትሰጥበት ጊዜ፣ መስመሩ የወረደው ከ82 ወደ 78 ብቻ ነው። ከ12ኛው እስከ 30ኛው ሰከንድ ግን ከ78 ወደ 52 ተንዷል። እዚያ ያለው "ወደ ቪዲዮው ከመግባቴ በፊት" የሚለው ነው። ሰው የሸሸው ሰላምታውን ሳይሆን ገና ምንም ሳይቀበል የተጠየቀውን ነገር ነው። የአማርኛ ተመልካች ሰላም ሲሉት ደስ ይለዋል፤ እንግዳን በር ላይ አቁሞ ውለታ መጠየቅ ግን በየትኛውም ቤታችን ነውር ነው።

ይህን ግምት የሚያረጋግጥ ሁለተኛ መስታወት እዚያው Studio ውስጥ አለ። የግራፉ ዝርዝር ሲከፈት ሰብስክራይብ ያደረጉትንና ያላደረጉትን፣ እንዲሁም አዲስና ተመላላሽ ተመልካቾችን ለየብቻ በመስመር ያሳያል። በእኛ ምሳሌ 30ኛው ሰከንድ ላይ ሰብስክራይብ ካደረጉት 71፣ ካላደረጉት 41 መቶኛ ቀርቷል እንበል። እስከ 12ኛው ሰከንድ ድረስ ሁለቱ መስመሮች ተጠጋግተው ሄደው፣ የተለያዩት ልመናው ሲጀምር ነው። የሚያውቋት ታግሰዋታል፤ የማያውቋት ግን፣ ማለትም ጥያቄው በቀጥታ የቀረበላቸው ሰዎች፣ ሄደዋል። ሁለቱም መስመሮች አብረው ቢናዱ ኖሮ ምርመራው ሌላ ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የሚፈለገው ርዕሱና ተምኔሉ ቃል የገቡትን ነገር ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ባለማሳየቱ ነው።

እንግዲህ ጥገናው ምን ይመስላል? ርዕሱ ጥያቄ ነው፤ ከፍቶ የገባው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ማረጋገጥ የሚፈልገው ይህች ሴት ጥያቄውን በእርግጥ ትመልሳለች ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ ሁለት እንጀራ ጎን ለጎን በማሳየት ይጀምራል፦ "ይኸኛውን ትናንት ጋገርኩት፤ እዩት፣ ዓይን የሚባል የለውም። ይኸኛውን ዛሬ ጠዋት ጋገርኩት። ዱቄቱ ያው ነው፣ ምጣዱም ያው ነው። እንደምን አላችሁልኝ፣ ውድ ቤተሰቦች! የለያያቸው አብሲቱ ነው። ከአብሲቱ እስከ ምጣዱ ሙቀት አንድ በአንድ አሳያችኋለሁ፤ ብርድ አገር ለምትኖሩም ለብቻችሁ የሚሆን መላ በመጨረሻ አለኝ።" ይህ ሲነበብ ሃያ ሰከንድ ያህል ነው። ሰላምታው አለ፤ ግን ከማስረጃው በኋላ መጥቷል። መልሱም ተሰጥቷል፤ አብሲት ነው። ብዙ ሰው መልሱን መጀመሪያ መናገር ይፈራል፣ "ካወቁት ይሄዳሉ" ብሎ። ነገር ግን አብሲት መሆኑን ማወቅና አብሲቱን መሥራት የተለያዩ ናቸው፤ መልሱን የሰማ ሰው አሠራሩን ለማየት ይቆያል፤ መልሱ የተደበቀበት ሰው ግን እውነት መኖሩን እንኳ ይጠራጠራል።

ስለ ውስጥ መስመር መልእክቶች የሚያወራው 40 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ሰብስክራይብ አድርጉ የሚለው ጥያቄ አይሰረዝም፤ ወደ 6ኛው ደቂቃ ይዛወራል። እዚያ ተመልካቹ የአብሲቱን አሠራር ተቀብሏል፤ ያኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢጠየቅ ቅር አይለውም።

ቀጥሎ ሸለቆው። ከ3፡30 እስከ 4፡30 የጤፍን ጥቅም ታብራራለች፤ ብረት አለው፣ ግሉተን የለውም፣ ለጤና ተስማሚ ነው። መስመሩ ወርዶ 4፡30 ላይ ወደነበረበት ተመልሷል፤ ስለዚህ ማንም አልወጣም፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ መታ መታ አድርጎ ዘሎታል። ቀላሉ መፍትሔ ይህን ደቂቃ መቁረጥ ነው። እኔ ግን ከመቁረጥ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ እላለሁ፦ ሰው የዘለለው መረጃው ስለማይጠቅመው ነው ወይስ ከያዘው ጉዳይ ጋር አልገናኝ ብሎት? ጤፍ ግሉተን የሌለው መሆኑ ከእንጀራ ዓይን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የስንዴ ሊጥ በግሉተኑ ተሳስቦ አየር ይይዛል፤ የጤፍ ሊጥ ይህ ስለሌለው የሚያያይዘው ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ተቀንሶ በውሃ የሚበስለው አብሲት ሊጡን አወፍሮ አረፋውን እንዲይዝ ይረዳዋል። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር አብሲቱ እሳት ላይ ሲማሰል ብትነገር ማንም አይዘላትም፤ የጥያቄው መልስ አካል ሆናለችና። የብረቱና የጤናው ጉዳይ ግን ለሌላ ቪዲዮ ይቆይ።

5፡40 ላይ ያለውን ጉብታ ያየች ሠሪ ደስ ሊላት ይችላል፤ "ሰው መልሶ መልሶ ያየው ምርጡ ቦታዬ ይኸ ነው" ብላ። ስክሪፕቱን ስናይ ግን እዚያ ያለው የአብሲቱ መጠን ነው፤ ስንት ጭልፋ ሊጥ በስንት ጭልፋ ውሃ እንደሚበስል በአንድ ትንፋሽ ተናግራ አልፋለች። ሰው መልሶ ያየው ስላመለጠው ነው። ጉብታ ከደስታ መምጣቱን ወይም ከግርታ መምጣቱን ለመለየት የአስተያየት መስጫውን ማየት ይረዳል፤ "መጠኑን በድጋሚ ንገሪን" የሚሉ ጥያቄዎች ከበዙ ግርታ ነው። ማስተካከያው ቀላል ነው። መጠኑን ጭልፋውን እያሳዩ ቀስ ብሎ መናገር፣ በጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ማስቀመጥ፣ ሊጡ ሲማሰልም አንዴ መድገም። በሚቀጥለው ቪዲዮ ላይ ጉብታው ጠፍቶ ሜዳ ቢሆን ጥገናው ሠርቷል ማለት ነው። ይህን በተለይ የማነሳው ብዙ ሰው ጉብታ ሲጠፋበት የተበላሸ ስለሚመስለው ነው።

ወደ 7፡40 ገደል እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ እሱ ነውና። ሊጡ ምጣዱ ላይ ፈሶ፣ ዓይኑ ሲወጣ ይታያል። ቀጥሎ እንዲህ ትላለች፦ "እንግዲህ እንዳያችሁት ዓይኑ በደንብ ወጥቷል። በአጠቃላይ አሠራሩ ይህን ይመስላል..." ከዚያ በኋላ፣ ከ8፡00 እስከ 9፡20 ድረስ፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ለሆነበት ሰው ሊጡን የት ማስቀመጥ እንዳለበት፣ ለመቡካት ተጨማሪ ቀን እንደሚያስፈልገው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀት እንዴት እንደሚፈተሽ ትናገራለች። ለውጭ አገር ተመልካቿ ከቪዲዮው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው፤ የሰማው ግን ከመጡት ስድስት ሰዎች አንዱ ብቻ ነው። ያስወጣቸው "በአጠቃላይ" የምትለው ቃል ናት። በአማርኛ ንግግር "እንግዲህ"፣ "በአጠቃላይ"፣ "በመጨረሻም"፣ "እንግዲህ የዛሬው ይህን ይመስላል" ሲባል ሰሚው ነጠላውን ሰብስቦ መነሳት ይጀምራል። ከእነዚህ ቃላት በኋላ ምንም ጠቃሚ ነገር ሊቀመጥ አይገባም።

ሁለት ዓይነት ጥገና አለ፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አንደኛው የመዝጊያ ቃሉን አውጥቶ ድልድይ ማስቀመጥ ነው፦ "ዓይኑ ወጣ። ይህ ግን ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ነው፤ ቤታችሁ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ይኸው ሊጥ ዓይን አያወጣም፤ አሁን ደግሞ እሱን እንየው።" ሁለተኛው የብርድ አገሩን መላ ከመጨረሻው አንስቶ ሊጡ በሚቦካበት ቦታ፣ በ2ኛውና በ3ኛው ደቂቃ መካከል፣ ማስገባት ነው። ሰው የመቡካትን ነገር የሚያስበው ሊጡ ሲቦካ ነው፤ ዓይን ያወጣውን እንጀራ ካየ በኋላ ጥያቄው ተመልሷል። የርዕሱ ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ የሚቀር ሰው ሁልጊዜም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው መልስ ወደ መጨረሻው ይጠጋ፣ ከእሱ በኋላ የሚቀረው ስንብት ብቻ ይሁን። በዚህ መንገድ ከሄደች በመግቢያዋ ላይ ያለውን "በመጨረሻ አለኝ" የሚለውን ቃል መንካት እንዳትረሳ፤ የገቡትን ቃል በተባለበት ቦታ አለማድረስ ራሱ አዲስ ገደል ይፈጥራል።

መስመሩ በወረደ ቁጥር ግን ስክሪፕቱ ብቻ አይወቀስ። 8 ደቂቃና ከዚያ በላይ በሆነ ቪዲዮ መካከል ማስታወቂያ ሊገባ ይችላል፤ ማስታወቂያው ዓረፍተ ነገር አቋርጦ ከገባ እዚያ ላይ ሰው ይወጣል፣ ቃላቱ የቱንም ያህል ቢያምሩ። ስለዚህ ገደል ሲታይ አስቀድሞ ማስታወቂያው የተቀመጠበት ሰዓት ይታይ። ድምፅም እንዲሁ ነው፤ ማይክሮፎኑ ሲቀየር፣ የጀርባው ሙዚቃ ንግግሩን ሲውጠው ሰው ይሄዳል። ለማጣራት ያንን ክፍል ሳይሰሙ ጽሑፉን ብቻ ማንበብ ነው፤ ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የሚፈለገው በድምፁና በምስሉ ነው።

የተመልካቹ ብዛትና ማንነትም ንባቡን ይለውጠዋል። ቪዲዮው የታየው 40 ጊዜ ብቻ ከሆነ አንድ ሰው ሁለት ነጥብ ተኩል ነው፤ ሁለት ሰው ስልክ ተደውሎላቸው ቢወጡ ግራፉ ላይ ገደል ይሠራል። እንዲህ ባለ ቪዲዮ ላይ ስክሪፕት መለወጥ ከንቱ ድካም ነው። በሌላ በኩል አንድ ቪዲዮ ለብዙ ሺህ እንግዳ ሰዎች መጠቆም ሲጀምር መስመሩ ባለፈው ሳምንት ከነበረበት ዝቅ ይላል፤ አዲሶቹ እንደ ቤተሰቦቹ አይታገሱምና። ይህን አይቶ ቪዲዮው ተበላሸ ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ቅርጹ እስካልተለወጠ ድረስ ንባቡም ያው ነው።

አስቀድሞ የወጣውን ቪዲዮ በሌላ ፋይል መተካት አይቻልም። በ Studio ውስጥ ባለው Editor ግን የተወሰነ ክፍል ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ሊንኩ፣ እይታውና አስተያየቶቹ እንዳሉ ይቀራሉ። የእኛዋ ባለሙያ ከ12ኛው ሰከንድ እስከ 1፡20 ያለውን፣ ከዚያም የጤፍን ጥቅም የሚናገረውን ደቂቃ፣ "በአጠቃላይ" የምትለዋንም ዓረፍተ ነገር ቆርጣ ማውጣት ትችላለች። መጨመርና ማዛወር ግን የሚሆነው በሚቀጥለው ሥራ ነው። ከቆረጠች በኋላ በመግለጫው ላይ የጻፈቻቸው የምዕራፍ ሰዓቶች ይዛባሉና ታስተካክላቸው። ምዕራፍ ለማስቀመጥ የመጀመሪያው 0:00 መሆን አለበት፣ ቢያንስ ሦስት መሆን አለባቸው፣ እያንዳንዳቸውም ከ10 ሰከንድ ማነስ የለባቸውም። ምዕራፍ ያለው ቪዲዮ ግራፉ ላይ ሸለቆ ይበዛበታል፤ ተመልካቹ የሚፈልገውን ቦታ መርጦ ስለሚሄድ ነው፤ ይህ ሰው እንደጠላው ተደርጎ አይነበብ።

ጥገናው መሥራቱ የሚታወቀው በሚቀጥለው ተመሳሳይ ርዝመት ባለው ቪዲዮ ላይ ነው። ግራፉ Typical የሚል የንጽጽር መስመር ያሳያል፤ እሱም የራስ ቻናል ላይ የቅርብ ጊዜ ተመሳሳይ ርዝመት ያላቸው ቪዲዮዎች የቆዩበት ልክ ነው። ከሌላ ሰው ቻናል ጋር መፎካከር አያስፈልግም፤ የመዝናኛ ቪዲዮና የእንጀራ ቪዲዮ አንድ ዓይነት መስመር የላቸውም። የሚነጻጸረውም አጠቃላይ አማካዩ ሳይሆን የተጠገነው ቦታ ነው። ባለሙያዋ በሚቀጥለው ስለ ድርቆሽ አሠራር በምትሠራው ቪዲዮ ላይ ልመናውን ወደ 6ኛው ደቂቃ ካዛወረች፣ የምትመለከተው ከ12ኛው እስከ 30ኛው ሰከንድ ያለውን ቁልቁለት ነው። ባለፈው ከነበሩት ሦስት ሰዎች አንዱ እዚያ ወጥቶባታል፤ አሁን ከአምስት አንዱ ብቻ ከሆነ ለውጡ ሠርቷል። ከዚያ 6ኛው ደቂቃ ላይ አዲስ ገደል ተፈጥሮ እንደሆነ ትፈትሽ፤ ከተፈጠረ ልመናው አሁንም ረዝሟል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ አራቱንም ነገር ከለወጠች ግን የትኛው እንደሠራ መለየት ስለማትችል፣ በመግቢያው ብትጀምርና መዝጊያውን ለቀጣዩ ብታቆይ ይሻላታል።